ማርች የት ገባ?

በእኛ ቢሮ ሪፖርት ባዶ ሆኖ ሲወጣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኔትወርኩ ነው። ኔትወርኩ ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ትናንት ጠፍቶ የነበረው መብራት ይከሰሳል። መብራቱም ነጻ ሲወጣ ቫይረስ ይጠረጠራል። ቫይረስ ከሌለ ደግሞ ሥራ የለቀቀ ሰው ይፈለጋል። የለቀቀ ሰው ተገኝቶ መልስ ስለማይሰጥ እንደ እሱ ያለ ምቹ ጥፋተኛ የለም። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቀን ጠጋ ብሎ ማየት ትዝ የሚለን ከሻይ በኋላ ነው።

2025 ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ሥራ አስኪያጁ የማርችን ገቢ ከስብሰባ በፊት ጠረጴዛቸው ላይ ፈለጉት። አጠገቤ የምትቀመጠው የሒሳብ ክፍል ልጅ ከሽያጭ ሲስተሙ ፋይሉን አውርዳ በኤክሴል ከፈተችው። ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል 8 የተከፈለው ሁሉ አለበት፤ 640 መስመር ነው። ሁለተኛው ዓምድ ቀን ነው፣ አራተኛው ብር። ከጎን ባሉ ሁለት ሴሎች የማርችን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ጻፈች፤ ከዚያ ይህችን ቀመር አስገባች።

```
=SUMIFS(D2:D641,B2:B641,">="&G1,B2:B641,"<="&G2)
```

ቀመሩ «ቀኑ በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል የሆነውን ሁሉ ብሩን ደምርልኝ» ነው የሚለው። ምንም ስሕተት የለበትም። ኤክሴልም ሳያንገራግር መለሰ፦ 0። ድርጅታችን በማርች ወር አንድ ሳንቲም አላስገባም ማለት ነው። ደመወዝ የበላነው ግን ሁላችንም ነን።

ዜሮ ሰው ይሰበስባል። ትክክለኛ ቁጥር ወጥቶ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያያትም ነበር። ዜሮ ሲወጣ ግን ከግዥ ክፍል የመጣው፣ ለፊርማ የቆመው፣ ቡናዋን ይዛ ያለፈችው ሁሉ ከወንበሯ ኋላ ተሰለፈ። ቡናዋን ይዛ ያለፈችው እኔ ነኝ። «ሪስታርት አድርጊው» የሚለውን ምክር መጀመሪያ የሰጠው ማን እንደሆነ ግን ለቢሮው ሰላም ስንል ባናነሳው ይሻላል።

ሪስታርት ተደረገ። ዜሮ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቃት ዘዴ መጣች፦ «ቀኑን ሰፋ አድርጊው!» ከማርች 1 የነበረው ከፌብሩዋሪ 1 ሆነ። ዜሮ። ከጃንዋሪ ሆነ። ዜሮ። ተሰብሳቢው እልህ ያዘውና ከ2000 እስከ 2030 ድረስ ተከፈተ። ያኔም ዜሮ። እዚህ ላይ ቆም ያለ ሰው ትልቅ ነገር ያገኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ከፍተህ አንድ መስመር ካልገባ ጥፋቱ ከመነሻና ከመድረሻ ቀኑ አይደለም። የሚነጻጸረው ነገር ራሱ ቀን አይደለም ማለት ነው። እኛ ግን አልቆምንም፤ ከኋላ አንዱ «እስቲ 2050 በይው» አለ።

«ኧረ ይኸው፣ እያየሁት!» ትላለች ልጅቷ ስክሪኑን በጥፍሯ እየነካች። እውነቷን ነው፤ 13/03/2025 ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ማንም ሰው ቢያየው ማርች 13 ነው። ችግሩ ኤክሴል እንደ ሰው አለማየቱ ነው። ለኤክሴል ቀን ማለት ቁጥር ነው። ከ1900 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ አንድ፣ ሁለት እያለ ቀን ይቆጥራል፤ በዚህ ቆጠራ ማርች 13 ቀን 2025 ማለት 45729 ነው። እኛ የምናየው 13/03/2025 ከላይ የተደረበለት ልብስ ነው። ሲስተሙ ያወጣው ፋይል ላይ ግን ከልብሱ በታች ቁጥር የለም፤ አሥር ፊደል የተደረደረበት ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ ሁለት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ አራት አኃዝ። ስሟ ብርነሽ የሆነ ልጅ ባንክ እንደማትቀመጥ ሁሉ፣ ቀን የሚመስል ጽሑፍም ከቀን ጋር አይቆጠርም።

ቀመራችን ደግሞ የሚጠይቀው በቁጥር ነው፤ ከ45717 የማያንስ፣ ከ45747 የማይበልጥ ስጠኝ ይላል። ጽሑፍ በዚህ ወረፋ ላይ ቦታ የለውም፤ SUMIFS እንዳላየ ያልፈዋል። ቀጥታ ብታነጻጽሩትማ ይብሳል፤ =B2>G2 ብትሉ መልሱ TRUE ነው። በኤክሴል ሕግ ማንኛውም ጽሑፍ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል። ስለዚህ ጽሑፍ የሆነው ቀናችን ከማርች 1 ይበልጣል፣ ከማርች 31ም ይበልጣል፣ ከ2050ም ይበልጣል። ያ ከኋላ የጮኸው ሰውዬ 9999 ቢልም አይደርስበትም ነበር።

እዚህ ላይ ኤክሴልን አጥባቂ ነው ብላችሁ እንዳታደንቁት። ይኸው ጥንቁቅ ቆጣሪ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 የሚባል ቀን በቆጠራው ውስጥ አለው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም፤ 1900 ፌብሩዋሪው 28 ቀን ብቻ ነበር። ከእሱ በፊት ገበያውን ይዞ የነበረው ሎተስ 1-2-3 የተሳሳተውን ስሕተት፣ የድሮ ፋይሎች እንዳይዛቡ ብሎ አብሮ ወረሰው። ያልነበረን ቀን አምኖ የሚቆጥር ማሽን የእኛን ማርች 13 ግን አላውቀውም አለ።

ይህን ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ሊነግረን የተዘጋጀ ምስክር ነበር። ኤክሴል ማንም ካልነካው ቁጥርን፣ ቀንንም ጨምሮ፣ ወደ ቀኝ ያስጠጋል፤ ጽሑፍን ወደ ግራ። ዓምዱ ወደ ግራ ተደግፎ ከተሰለፈ ጽሑፍ ነው፤ አለቀ። ግን እኛ ፋይል ስንቀበል መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ከላይ እስከ ታች እንመርጥና መሐል ላይ እናደርገዋለን፤ ከዚያ ርዕሱን ቢጫ እንቀባለን፤ ከዚያ ወፍራም መስመር እናሰምርበታለን። ልጅቷም እንደ ወጉ መሐል ላይ አሳምራ አስቀምጣው ነበር። ምስክሩን ዝም አሰኝተን፣ ለብሶ እንዲቀመጥ አድርገን፣ ከዚያ ምስክር ጠፋ ብለን እንጮኻለን።

ሁለተኛ ምስክርም ነበር። ከርዕሱ አጠገብ ያለችውን የፊልተር ቀስት ስትጫኑ፣ ዓምዱ እውነተኛ ቀን ከያዘ ዓመትና ወሩ እየታጠፈ ይዘረዘራል፤ Date Filters የሚልም ይመጣል። ጽሑፍ ከሆነ ግን 01/01 እያለ የሚወርድ ረጅም ዝርዝርና Text Filters የሚል ነው የምታገኙት። የእኛው ፋይል Text Filters ብሎ በግልጽ ይናገር ነበር። ስድስት ሰው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ አንድም አላነበበውም፤ ሁላችንም ምክር በመስጠት ተጠምደን ነበር።

ከአይቲ ክፍል ልጁ መጣ፤ ቆሞ አየና «ፎርማቱ ነው» አለ። ሁላችንም «እሱን ነው ያልነው!» አልን፣ ማንም ባይልም። Format Cells ተከፈተ፣ Date ተመረጠ፣ OK ተባለ። ምንም አልተለወጠም። ወሩን በስም የሚጽፈው ተመረጠ። ንቅንቅ አላለም። የሳምንቱን ቀን ጨምሮ የሚጽፈው፣ ረጅሙ፣ ያማረው ሁሉ ተሞከረ፤ 13/03/2025 እንደ ሐውልት ቆሞ አየን። ፎርማት ቁጥርን ማልበሻ ነው፤ ከሥር ቁጥር ከሌለ የሚያለብሰው የለም። ይልቅ ይህቺ አለመነቃነቅ ራሷ ምርመራ ናት፦ General በሉት። እውነተኛ ቀን ከሆነ ወዲያው ልብሱን አውልቆ 45729 ይሆናል። ጽሑፍ ከሆነ ባለበት ይቆማል። የአይቲው ልጅ ግን «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ሄደ። እሱ ጋ የሚሠራ ነገር እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ያቺ ታታሪ ልጅ ራሷ አንድ ነገር አገኘች። አንዱን ሴል F2 ብላ ከፈተችና Enter ስትል ዘልሎ ቀን ሆነ። ኤክሴል ልክ አሁን በእጅ እንደተጻፈ አድርጎ እንደገና ያነበዋል። እልል አልን። 640 መስመር F2፣ Enter፣ F2፣ Enter ተጀመረ። አንዳንዱ እምቢ ሲል «እሱ ግትር ነው፣ እለፊው» እያልን አበረታታናት። ሲያልቅ ድምሩ ዜሮ መሆኑን ተወ። ቁጥር መጣ! ልጅቷ ፋይሉን እዚያው ላይ ሴቭ አደረገች፤ ቁጥሩ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባ፤ እኛም ወደ ቡናችን ተመለስን። ዜሮን አንድ ሰዓት መርምረን፣ ዜሮ ያልሆነውን አንዲት ደቂቃ እንኳ አልጠየቅነውም።

የጠየቁት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የሒሳብ ክፍሉ አንጋፋ ናቸው፤ ኮምፒውተር ላይ የሠሩትን በደብተር ይደግሙታል፤ በዚህም ስንስቅባቸው ኖረናል። ቁጥሩን አዩና «ይህ የአንድ ወር አይመስልም፤ የአራት ቀን ገቢ ነው» አሉ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፋይሉን ቁልቁል ወረዱበት፤ በእርግጥም ማርች ውስጥ የገባው የአራት ቀን ብቻ ነበር። የሚያስቀው ደግሞ ከአራቱ ቀን የማርች የሆነው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲስተሙ ቀኑን አስቀድሞ ይጽፋል፤ 03/01/2025 ሲል ጃንዋሪ 3 ማለቱ ነው። የልጅቷ ኮምፒውተር ግን ከተገዛበት ዕለት ጀምሮ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ነው፤ ወሩን አስቀድሞ ያነባል። በF2 እንደገና አንብበው ሲባል ጃንዋሪ 3ን ማርች 1 አደረገው። ፌብሩዋሪ 3 ማርች 2 ሆነ፣ ኤፕሪል 3 ማርች 4 ሆነ፤ ከቦታው ያልተነቃነቀው ማርች 3 ብቻ ነው። ግትር ያልናቸውስ? ከ13 ጀምሮ ያሉት ቀኖች ናቸው። ኤክሴል 13ኛ ወር ስለማያውቅ 13/03/2025ን ማንበብ አቅቶት ጽሑፍ አድርጎ ተዋቸው። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚያ ፋይል ላይ ሐቀኞቹ ግትሮቹ ነበሩ።

ጋሼ «ትልቁ ቀን ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ =MAX(B2:B641) ብላ ጻፈች። ዲሴምበር 3 ቀን 2025 የሚል መጣ። እኛ ገና ኤፕሪል ላይ ነን፤ ማርች 12 የከፈሉት ደንበኞች ተገልብጠው ዲሴምበር ገብተዋል። ሥራ አስኪያጁ ደንበኞቻችን ስምንት ወር ቀድመው የሚከፍሉ መሆናቸውን ቢሰሙ ኖሮ ለስብሰባው ትልቅ ዜና ይሆንላቸው ነበር።

ጥገናው ከወቀሳው ያጠረ ነው። መጀመሪያ ፋይሉን ከሲስተሙ እንደገና ማውረድ፤ የተገለበጠው ቀን አንዴ ከተገለበጠ በኋላ ደህናውን ከተበላሸው ለይቶ ማውጣት ጣጣ ነው። ከዚያ የቀኑን ዓምድ ብቻ መርጦ Data ውስጥ Text to Columns መክፈት፣ ሦስተኛው ገጽ እስኪደርስ Next ማለት (ሁለተኛው ላይ የተመረጠ መለያ ካለ ማጥፋት)፣ እዚያ Date ብሎ DMY መምረጥና Finish። DMY ማለት ፋይሉ የተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ኮምፒውተሩ እንዴት ማንበብ እንደለመደ መጠየቅ ቀረ፤ ጽሑፉ እንዴት እንደተጻፈ ነገርነው። ይህችን ገጽ ስንት ዓመት Next፣ Next እያልን አልፈናታል፤ ለካ የምትጠይቀን ነገር ነበራት።

በየወሩ የሚሠራ ከሆነ ግን አጠገቡ ባለ ባዶ ዓምድ ይህን መጻፍ ይሻላል፤ ኮምፒውተሩ በየትኛውም አቀማመጥ ላይ ቢሆን አይሳሳትም።

```
=DATE(RIGHT(B2,4),MID(B2,4,2),LEFT(B2,2))
```

አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ጽሑፉ ልክ አሥር ፊደል መሆን አለበት። ሲስተም ከኋላው የማትታይ ባዶ ቦታ ጣል ካደረገ ከቀኝ አራት ፊደል ሲቆርጥ «025» እና ባዶ ቦታ ያገኛል፤ ኤክሴል 25ን ይወስድና 1900 ይጨምርበታል። ደንበኛችን በ1925፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ከፍሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ B2 ያለበትን ሁሉ TRIM(B2) ማድረግ፣ ካጠራጠረም =LEN(B2) ብሎ አሥር መሆኑን ማየት ነው። አሥራ አንድ ካለ ዘውዲቱ በር ላይ ናቸው።

ይህ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛው ቀን የሚመዘግቡ መሥሪያ ቤቶችን ያየሁ ዕለት ደግሞ ለኤክሴል አዘንኩለት። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/02/2017 ብለው ይጽፉለታል። ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ነገር አያውቅምና ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጥቅምት 5ን ግን 05/02/2017 ብለው ሲሰጡት ቀን አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017 ነው ብሎ በደስታ ይቀበላል፤ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወደቀረው ዘመን ይልከዋል። የአንድ ወር መዝገብ ከፊሉ ጽሑፍ፣ ከፊሉ ጥንታዊ ይሆናል። ኦክቶበርና ኖቬምበር 2024 ብሎ ለፈለገው ሰው አንዱም አይመጣም። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ወር ተቀድሞ 13/05/2016 ተብሎ ቀን አስቀድሞ ለሚያነብ ቢሰጠው ደግሞ ሜይ 13 ነው ይላል። አሥራ ሦስተኛ ወራችንን የሚያስጎበኝ ሁሉ ቱሪስት መጋበዙን ትቶ ኤክሴልን ያስተምርልን።

ለእንደዚህ ያለው መዝገብ ኤክሴል ቀን መሆኑን እንዲያምን መለማመጥ አያስፈልግም። ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩንና ቀኑን በሁለት ሁለት አኃዝ አያይዞ፣ 20170230 ብሎ እንደ ተራ ቁጥር መጻፍ ይበቃል። ጥቅምትን የሚፈልግ ከ20170201 እስከ 20170230 ይላል፤ ጳጉሜንም 20161301 ሆኖ ከነሐሴ በኋላ፣ ከመስከረም በፊት፣ ቦታውን ይዞ ይሰለፋል። በሁለት ቀን መካከል ስንት ቀን እንዳለ በመቀነስ ማወቅ ግን አይቻልም፤ ለመፈለግና ለመደርደር ብቻ ነው። ለነገሩ አብዛኞቻችን ከፋይል የምንፈልገውም ከዚህ አያልፍም።

በመጨረሻ ጋሼ ለልጅቷ አንዲት መስመር አስተማሯት፤ አሁን በየፋይሉ አናት ላይ ትጽፋታለች።

```
=COUNT(B2:B641)
```

COUNT የሚቆጥረው ቁጥርን ብቻ ነው፤ ጽሑፍን አይቆጥርም። 640 መስመር ላይ 640 ካለ ሁሉም እውነተኛ ቀን ነው። ዜሮ ካለ ሁሉም ጽሑፍ ነው። በመካከል የሆነ ቁጥር ካለ፣ እሱ ነው የሚያስፈራው፤ ግማሹ ተገልብጧል ማለት ሊሆን ይችላል። ከጎኑ MIN እና MAX ይጻፉ፤ ገና ያልደረሰ ወር ወይም የዘውዲቱ ዘመን ከታየ ሪፖርቱ ከቢሮ አይውጣ።

በእናንተም ቢሮ ነገ ባዶ ሪፖርት ይወጣል፤ አይቀርም። ከወንበሩ ኋላ ለምትሰለፉት ሁሉ አንድ ልመና አለኝ፦ ኔትወርኩንም፣ መብራቱንም፣ የለቀቀውንም ሰው ለአምስት ደቂቃ ተዉአቸውና መጀመሪያ COUNT በሉ። ዜሮ ሲመጣ ደግሞ አትደንግጡ፤ ዜሮ «አላውቅም» እያላችሁ ነው። የሚያዋርዳችሁ ያለ ምንም ጥያቄ አጨብጭባችሁ የተቀበላችሁት ቁጥር ነው።